የውጭ ሀገር ሥራ ላኪዎችን ፈቃድ ስለማጣራት፦ ከሰሜን ሸዋ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እኔ ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ማመልከቻና ክስ በመጻፍ የምተዳደር ሰው ነኝ። ከመንዝ፣ ከቀወት፣ ከኤፍራታና ግድም፣ ከምንጃር ገንዘባቸውን ለደላላ ሰጥተው ልጃቸውም ሳትሄድ ገንዘባቸውም ሳይመለስ የቀሩ ወላጆች አቤቱታ ሊያጽፉ ወደ እኔ ይመጣሉ። አብዛኞቹ «ፈቃድ አለኝ ብሎ አሳይቶን ነበር» ይላሉ። ያዩት ወረቀት ምን እንደነበረ ስጠይቃቸው ግን አንድ ዓይነት መልስ አይሰጡኝም። ስለዚህ ከሚጠይቁኝ ጥያቄዎች ውስጥ ከፈቃድ ጋር የተያያዙትን ለይቼ፣ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ሊነበቡ በሚችሉበት መልክ እዚህ አስፍሬአቸዋለሁ።

መንደራችን የመጣው ሰው «እኔ ሕጋዊ ነኝ» ይላል። ሕጋዊ የሚባለው ማን ነው?

ፈቃድ የሚሰጠው ለድርጅት ነው፤ ሠራተኛ ለመፈለግ ቀበሌ ለቀበሌ ለሚዞር ግለሰብ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ ሀገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 እና በ2013 ዓ.ም. ያሻሻለው አዋጅ ቁጥር 1246 ሠራተኛን ከአሠሪ ጋር አገናኝቶ ወደ ውጭ የመላክን ሥራ ፈቃድ ለተሰጠው ኤጀንሲ ብቻ ይተዋሉ። ፈቃዱም ለሌላ ሰው የሚተላለፍ፣ የሚከራይ ወይም የሚዋስ አይደለም። በመካከል ሆኖ ሰው እየመለመለ ኮሚሽን የሚበላ ደላላ በሕጉ ውስጥ ቦታ የለውም። ስለዚህ ሰውየው «የእገሌ ኤጀንሲ ወኪል ነኝ» ቢል እንኳ፣ ኤጀንሲው በእውነት ያለና ፈቃዱም የጸና ሊሆን ይችላል፤ የሰውየው ወኪልነት ግን ከዚያ የተለየ ጥያቄ ነው። የሚጣራው አንድ ነገር ሳይሆን ሁለት ነገር መሆኑን ሰው የሚዘነጋው እዚህ ላይ ነው። ኤጀንሲው ፈቃድ አለው ወይ? ይህ ሰውስ የኤጀንሲው ነው ወይ? የመጀመሪያው «አዎ» ሁለተኛውን አይመልስም፤ አጭበርባሪም የሚኖረው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ነው።

ፈቃድ መኖሩ ለእኔ ምን ይጠቅመኛል? ቪዛው ከመጣ ምን ቸገረኝ?

የሚጠቅመው ከሄዱ በኋላ ነገር የተበላሸ ዕለት ነው። ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ ፈቃዱን ለማውጣት የዋስትና ገንዘብ በዝግ ሒሳብ እንዲያስይዝ ሕጉ ያስገድደዋል፤ አዋጅ 923 ሲወጣ የተቀመጠው መጠን 100,000 የአሜሪካ ዶላር ወይም ተመጣጣኙ ብር ነበር። ይህ ገንዘብ የተያዘው የሠራተኛው መብት በተጣሰ ጊዜ ማካካሻ እንዲሆን ነው። ከዚህም ሌላ አሠሪው የሥራ ውሉን ቢጥስ፣ ለምሳሌ ደመወዝ ቢከለክል፣ ኤጀንሲው ከአሠሪው ጋር በአንድነትና በነጠላ ተጠያቂ ነው። ይህ ማለት መሐል ሜዳ ያለች እናት ሪያድ ድረስ ሄዳ አሠሪ መክሰስ ሳይጠበቅባት እዚሁ ሀገር ውስጥ የምትይዘው አካል አላት ማለት ነው። በደላላ የሄደች ልጅ እናት ግን የያዘችው አንድ የስልክ ቁጥር ብቻ ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ ልጅቱ ከሄደች በሳምንቱ ይዘጋል።

የንግድ ፈቃድ አሳይቶኛል፤ ማኅተምም አለው። አይበቃም?

አይበቃም። በእጄ ካለፉት ወረቀቶች አብዛኞቹ ሐሰተኛ ስላልነበሩ ይህን ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። ወረቀቶቹ እውነተኛ የንግድ ፈቃዶች ናቸው፤ የተሰጡት ግን ለሌላ ሥራ ነው። አንዱ የጉዞ ወኪል ነው፣ ማለትም የአውሮፕላን ትኬት ይሸጣል፤ ሌላው የማማከር አገልግሎት ነው፤ ሦስተኛው የጽሕፈትና የትርጉም ሥራ ነው። የትኬት ሻጭ ንግድ ፈቃድ ሰውን ለሥራ ወደ ውጭ ለመላክ አያስችልም። የውጭ ሀገር ሥራ ስምሪት ፈቃድ የሚሰጠው በፌዴራል ደረጃ ነው፤ ዛሬ ሥልጣኑ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ነው፤ ከ2014 ዓ.ም. በፊት የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ነበር።

ስለዚህ ወረቀቱን ሲይዙ ማኅተሙን ከማየትዎ በፊት ሁለት መስመሮችን ይፈልጉ። የመጀመሪያው ሰጪው መሥሪያ ቤት ማን እንደሆነ የሚገልጸው ነው። ንግድ ቢሮ ወይም የከተማ አስተዳደር ከሆነ የያዙት የንግድ ፈቃድ ነው። ሁለተኛው «የንግድ ሥራ መስክ» የሚለው ነው። እዚያ ላይ «የጉዞ ወኪል» ወይም «የማማከር» የሚል ቃል ካዩ ነገሩ ተገልጦልዎታል። የንግድ ፈቃዱ ራሱ እውነተኛ መሆኑንና መስኩ ምን እንደሆነ ለማየት፣ በወረቀቱ ላይ ባለው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር etrade.gov.et ላይ መፈለግ ይቻላል። ኢንተርኔት የሚጠቀም የወንድም ልጅ ወይም የጎረቤት ተማሪ በአምስት ደቂቃ ያይልዎታል።

እሺ፤ ትክክለኛውን ፈቃድ እንዴት ላጣራ?

ዋናው ነገር ማጣሪያው ከሰውየው እጅ እንዳይመጣ ማድረግ ነው። እሱ በሰጠዎት ስልክ ቢደውሉ፣ እሱ በላከልዎት ማስፈንጠሪያ ቢገቡ፣ እሱ ያሳየዎትን ቢሮ ቢጎበኙ ያጣሩት የእሱን ቃል እንጂ ፈቃዱን አይደለም።

መጀመሪያ የኤጀንሲውን ሙሉ ስም በትክክል ይጻፉ። «አንድ የአዲስ አበባ ኤጀንሲ» ማለት ስም አይደለም። በፈቃዱ ላይ እንዳለው፣ «ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር» የሚለውን ጨምሮ ይያዙት፤ ከሕጋዊ ኤጀንሲ ስም አንዲት ፊደል ወይም አንድ ቃል ብቻ የለወጡ ስሞች አሉና። ቀጥሎ ወደ ወረዳዎ የሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ይሂዱ፤ ደብረ ብርሃን ለሚቀርባችሁ የዞኑ መምሪያ አለ። የጽሕፈት ቤቱን ባለሙያ ይህ ኤጀንሲ በሚኒስቴሩ ዝርዝር ውስጥ አለ ወይ፣ ፈቃዱ ዛሬ የጸና ነው ወይስ ታግዷል ወይም ተሰርዟል፣ የተመዘገበው አድራሻና ስልክ የቱ ነው፣ ወደ የትኛው ሀገር እንዲልክ ተፈቅዶለታል ብለው ይጠይቁ። የውጭ ሀገር ሥራ ስምሪት አሁን የሚመዘገበው በሚኒስቴሩ የሥራ ገበያ መረጃ ሥርዓት ውስጥ ስለሆነ፣ አድራሻውም lmis.gov.et ነው፣ ባለሙያው ከወረቀት ይልቅ ከሥርዓቱ እንዲያይልዎት ይለምኑት። ፈቃድ ባለፈው ዓመት የጸና ሆኖ ዘንድሮ ሊታገድ ይችላል፤ ከጓደኛ የተቀበሉት አሮጌ ዝርዝር ለዚህ አያገለግልም።

ሀገሩን መጠየቅ ለምን እንዳስፈለገ ልግለጽ። አዋጁ ኤጀንሲዎች ሠራተኛ የሚልኩት ኢትዮጵያ የሁለትዮሽ የሥራ ስምሪት ስምምነት ወደ ተፈራረመችባቸው ሀገሮች ነው ይላል። ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ጆርዳን፣ ኳታርና የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ስምምነት በሌለበት ሀገር «የቤት ሠራተኛ እልካለሁ» የሚል ኤጀንሲ ፈቃድ ቢኖረው እንኳ የሚሠራው ከፈቃዱ ውጭ ነው።

በመጨረሻ ከጽሕፈት ቤቱ ባገኙት ስልክ ወደ ኤጀንሲው ራስዎ ይደውሉ። «እገሌ የሚባል ሰው ሸዋ ሮቢት ላይ ሰው እየመዘገበላችሁ ነው ወይ? በእኔ ስም ወይም በፓስፖርት ቁጥሬ የተያዘ ፋይል አለ ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ይህ አንድ ጥሪ ከላይ ያለውን ሁሉ ያህል ዋጋ አለው። ሰው ግን የሚዘለው ይህንኑ ነው፤ ደላላው «ወደ ቢሮ ከደወልሽ ፋይልሽን ያበላሹብሻል» ብሎ አስቀድሞ ያስፈራራልና።

የፈቃዱን ፎቶ በቴሌግራም ልኮልኛል። ከፎቶ ምን ማወቅ ይቻላል?

ከፎቶ የሚታወቀው ጥቂት ነው። እንዲያውም አንድ የደረሰ ነገር ልንገራችሁ። አንዲት እናት የ22 ዓመት ልጃቸውን ይዘው ከቀወት ወረዳ ጣርማ በርን ወጥተው ወደ እኔ መጡ። ልጅቱን ሳዑዲ ሊልክ የተዋዋለው ሰው በወር 1,800 ሪያል ደመወዝ፣ በ20 ቀን ውስጥ ጉዞ ብሎ ጠቅላላ 60,000 ብር ጠይቋል። እናት በሬ ሸጠው 20,000 ብር አስቀድመው ከፍለዋል፤ የቀረውን ለመሙላት መሬታቸውን ለሦስት ዓመት በኮንትራት ሊሰጡ ነበር። የመጡትም አቤት ለማለት አልነበረም፤ የመሬቱን የኮንትራት ውል እንድጽፍላቸው ነበር።

ልጅቱ ስልኳን ከፍታ ፈቃዱን አሳየችኝ። ስሙ ያማረ፣ ማኅተሙም ግልጽ የሆነ የሚኒስቴር ወረቀት ነበር። ፎቶውን በጣት ጎትተን ስናሰፋው ግን አንድ ነገር ታየን፦ የድርጅቱ ስምና የፈቃድ ቁጥሩ የተጻፉበት ፊደል ቀጭን ሲሆን የስልክ ቁጥሩ ግን ወፍራም ነው፤ ከበስተኋላው ያለውም ወረቀት ከሌላው ቦታ ይልቅ ነጣ ብሎ አራት ማዕዘን ሠርቷል። ስልኩ ላይ ሌላ ቁጥር ተለጥፎበታል። ውሉን መጻፍ አቁሜ አብረን ወደ መምሪያው ሄድን። ኤጀንሲው በዝርዝሩ ውስጥ አለ፤ ፈቃዱም የጸና ነው፤ የተመዘገበው ስልክ ግን ሌላ ነው። በተመዘገበው ስልክ ደወልን። ያነሳችው ሠራተኛ የልጅቱን የፓስፖርት ቁጥር ተቀብላ ፈለገች፤ ፋይል የለም፤ የሰውየውንም ስም ሰምታው አታውቅም። ገንዘቡ የገባበትን የቴሌብር መልእክት ስናይ ደግሞ ተቀባዩ የድርጅት ሳይሆን የአንድ ግለሰብ ስም ነበር።

እንግዲህ ፈቃዱ እውነተኛ ነው፣ ኤጀንሲውም ምንም ያጠፋው ነገር የለም፤ የተሰረቀው ስሙ ነው። ፎቶ ብቻ አይቶ «ፈቃድ አለው» ማለት ለምን እንደማያዋጣ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር አላገኘሁም። የከፈሉት 20,000 ብር በፖሊስ በኩል ተጠይቆ የተመለሰላቸው ግማሹን አይሞላም። መሬታቸው ግን በእጃቸው ነው።

«ቪዛሽ ወጥቷል» ተብዬ ወረቀቱ ተልኮልኛል። ቪዛ ካለ ኤጀንሲውን ማጣራት ለምን ያስፈልጋል?

ቪዛ ሁሉ የሥራ ቪዛ ስላልሆነ ነው። ከላይ ለተጠቀሰችው ልጅም ቪዛ ተልኮላት ነበር፤ ሐሰተኛም ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን የጉብኝት ቪዛ ነው። በሳዑዲ ወረቀት ላይ የቪዛው ዓይነት በዓረብኛና በእንግሊዝኛ ይጻፋል። ዓረብኛው «ዚያራ» ከሆነ ጉብኝት ነው፤ «ዓመል» ከሆነ ሥራ ነው። በየወረዳው ከሳዑዲ ተመልሰው ቋንቋውን በደንብ የሚያነቡ እህቶች ስላሉ ለአንዷ ማሳየት ነው። ወደ ዱባይ ሲሆን የሚላከው አብዛኛውን ጊዜ የ30 ወይም የ60 ቀን የቱሪስት ቪዛ ነው።

በጉብኝት ወይም በቱሪስት ቪዛ ገብቶ መሥራት በዚያ ሀገር ሕግ ጥፋት ነው። ኢቃማ የሚባለው የመኖሪያ ፈቃድ የለም፣ የተመዘገበ ውል የለም፣ መድን የለም። ቀኑ ባለቀ ማግስት ሠራተኛዋ ሕገ ወጥ ትሆናለች፤ አሠሪዋም ይህንን ስለሚያውቅ ደመወዝ ሲከለክላት አቤት የምትልበት አይኖራትም። ደላላው «እዚያ ስትደርሺ ወደ ሥራ ይቀየርልሻል» ይላል። እንግዲህ የሚቀይረው ማን እንደሆነ፣ በማን ወጪና በየትኛው ውል እንደሆነ በጽሑፍ እንዲሰጥ ይጠይቁት፤ አይሰጥም።

ሕጋዊው መንገድ ቅደም ተከተሉ ሌላ ነው። መጀመሪያ የአሠሪው የሥራ ጥያቄ ይመጣል፤ ሠራተኛዋ ሥልጠና ወስዳ የሙያ ብቃት ምዘና፣ ማለትም ሲ ኦ ሲ፣ ታልፋለች፤ የጤና ምርመራ ታደርጋለች፤ ውሉ ሚኒስቴሩ ዘንድ ቀርቦ ይጸድቃል፤ የቅድመ ጉዞ ገለጻ ትወስዳለች። ቪዛው ቀድሞ መጥቶ ውሉ «ኋላ ይደርሳል» ከተባለ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። ውሉ መጽደቁን ማወቅ የሚፈልግ ቤተሰብ የውሉን ቅጂ በእጁ ይያዝ፤ የአሠሪው ስምና አድራሻ፣ የደመወዙ መጠንና የሥራው ዓይነት የተጻፈበት መሆን አለበት።

ለኤጀንሲው ስንት መክፈል ይጠበቅብኛል?

ለኤጀንሲው ምንም። የኤጀንሲው የአገልግሎት ዋጋ የሚገኘው ከአሠሪው ነው። ይህ ብዙ ሰው የማያምነው ነገር ስለሆነ ሕጉ ወጪውን እንዴት እንደከፈለ ላስቀምጥ። በአዋጅ 923 መሠረት የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ጉዞ፣ የሥራ ፈቃድ፣ የመኖሪያ ፈቃድና የመድን ወጪ የአሠሪው ነው፤ ለተቀባዩ ሀገር ኤምባሲ ለቪዛና ለሰነድ ማረጋገጫ የሚከፈለውም እንዲሁ። ሠራተኛው እንዲሸፍን የተባለው ፓስፖርት፣ የልደት የምስክር ወረቀት፣ ከወንጀል ነጻ ማስረጃ፣ የውል ማረጋገጫ፣ የጤና ምርመራ፣ ክትባትና የሙያ ብቃት ምዘና ነው።

የሠራተኛውን ዝርዝር እንደገና ልብ ብለው ያንብቡት። ከእነዚህ ውስጥ በኤጀንሲ ወይም በደላላ ኪስ የሚገባ አንድም የለም። እያንዳንዱ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ወይም ለጤና ተቋም በራስዎ ስም ይከፈላል፤ ደረሰኝም አለው። ስለዚህ «ለቪዛ 35,000፣ ለትኬት 20,000» ብሎ ቆጥሮ የሚጠይቅ ሰው የአሠሪውን ዕዳ ከእርስዎ እየሰበሰበ ነው፤ ወይም ከሁለታችሁም እየወሰደ ነው። «አሁን አትክፈይ፣ ከሦስት ወር ደመወዝሽ ይቆረጣል» የሚለውም ስሙ ተለወጠ እንጂ ያው ክፍያ ነው።

ሌላው ደግሞ የብድር ውል ነው። አንዳንድ ደላላ ገንዘብ ከተቀበለ በኋላ፣ ወይም ቀሪውን በዱቤ ሲተው፣ ቤተሰቡን «ከእገሌ ይህን ያህል ብር ተበድረናል» የሚል ወረቀት ያስፈርማል። ልጅቱ ሳትሄድ ብትቀርም ዕዳው በወረቀቱ ይጸናል። እኔ ዘንድ እንዲህ ያለ ውል ሲመጣ አልጽፍም፤ ብዙ ጸሐፊ ግን ሳያውቅ ይጽፋል። እባካችሁ «ብድር» በሚል ቃል ስር ለጉዞ የሚሆን ነገር አትፈርሙ።

1,800 ወይም 2,500 ሪያል ይከፈላል የሚለው እውነት ሊሆን ይችላል?

የሚታመነው በጸደቀው ውል ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። ወደ ሳዑዲ በኮንትራት ለሚሄዱ ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች በተለምዶ በውል ላይ ሲጻፍ የማየው 1,000 ሪያል ነው። ደላላ ከዚህ እጥፍ የሚጠራው ከእጥፉ ላይ የሚወስደውን ክፍያ ለማስዋጥ ነው፤ «በሁለት ወር ትመልሺዋለሽ» የሚለው ስሌት የሚቆመው በዚያ ቁጥር ላይ ነው። ቁጥሩን በ1,000 ሪያል መልሰው ያስሉት፤ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ በዚያው ይፈርሳል።

እህቴ ሪያድ ናት፤ ከአሠሪዋ ዘመድ ቪዛ ልካልኛለች። ኤጀንሲ የግድ ያስፈልገኛል?

ለቤት ሠራተኝነት ከሆነ፣ አዎ። ሕጉ ያለ ኤጀንሲ በቀጥታ መቀጠርን የሚፈቅደው በጥቂት ሁኔታዎች ነው፤ በራስ ጥረት የተገኘ ሥራም ሊፈቀድ ይችላል፤ የቤት ሠራተኝነት ግን ከዚህ ተለይቶ ወጥቷል። የእህትዎ ቅን ልብ አይጠረጠርም፤ ነገር ግን አሠሪውን በእርግጥ የሚያውቁት ከሆነ ጥያቄውን በተፈቀደለት ኤጀንሲ በኩል እንዲያስገባ ይንገሩት። ወጪው የእርሱ ነው።

ካናዳና ፖላንድ ስለሚሉትስ?

ከላይ የተጻፈው የፈቃድ ማጣሪያ ለእነዚህም ይሠራል፤ እንዲያውም ነገሩ ይቀልላል። ሰውየውን «በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ወደ ካናዳ እንድትልክ የተፈቀደልህ በየትኛው ፈቃድ ነው?» ብለው ይጠይቁት። «እኛ አማካሪ ነን እንጂ ላኪ አይደለንም» ካለዎት በራሱ አንደበት ሥራ ሊያስገኝልዎ እንደማይችል ነግሮዎታል፤ ታዲያ የሚቀበለው ገንዘብ ለምኑ ነው?

ዕድሜዋ 16 ነው፤ «በመታወቂያ 21 እናደርጋታለን» አሉን።

እምቢ በሉ። ከ18 ዓመት በታች ያለ ሰው ለሥራ ወደ ውጭ አይላክም። የሕጉን ብቻ አልናገርም፤ በተለወጠ ስምና ዕድሜ የሄደች ልጅ አደጋ ቢደርስባት ወይም ብትሞት፣ ቤተሰቧ መድንና ካሳ ለመጠየቅ ሲነሣ በፓስፖርቱ ላይ ያለችው ልጅ የእነርሱ መሆኗን ማስረዳት አይችልም። የስም ማረጋገጫ ለማውጣት ሲንከራተቱ የኖሩ አባት ማመልከቻ ጽፌአለሁ፤ ስንት ጊዜ እንደሆነ አሁን አልቆጥረውም።

ፓስፖርቴን መስጠት አለብኝ?

ኤጀንሲው ቪዛ ለማስመታት ለጥቂት ጊዜ ሊያስፈልገው ይችላል። የሚሰጠው በቢሮው፣ ማኅተም ያለበት የመረካከቢያ ወረቀት ተቀብሎ ነው። ለደላላ በሻይ ቤት አይሰጥም፤ ገንዘብ ሲጎድል መያዣ የሚያደርገው እሱን ነውና።

ገንዘቡን ከፍያለሁ። አሁን ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ምንም ነገር አያጥፉ። የቴሌግራምና የዋትሳፕ ምልልሱን፣ የድምፅ መልእክቶቹን፣ የፈቃዱን ፎቶና የቪዛውን ወረቀት እንዳሉ ያስቀምጡ። ሰውየው «መልእክቱን አጥፊው፣ ገንዘብሽን ነገ እመልሳለሁ» ካለ የፈራው ያንን ማስረጃ ነው። የቴሌብር ወይም የባንክ ዝውውሩን ቁጥር፣ ቀኑንና የተቀባዩን ስም በወረቀት ይገልብጡ፤ ስልክ ይጠፋል፤ ይሰረቃልም። ዝውውሩ የዛሬ ወይም የትናንት ከሆነ ከፖሊስም በፊት ወደ ባንኩ ይሮጡ፤ ገንዘቡ ካልወጣ ሒሳቡ እንዲታገድ መጠየቅ የሚቻለው በእነዚያ ሰዓቶች ነው።

ከዚያ ለፖሊስ ያመልክቱ። ያለ ፈቃድ ሰውን ለሥራ ወደ ውጭ መላክ በ2012 ዓ.ም. የወጣው በሰው መነገድንና ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን የሚከላከለው አዋጅ ቁጥር 1178 የሚመለከተው ወንጀል ነው። ስለዚህ ማመልከቻዎ «ገንዘቤን ይመልስልኝ» በሚል የብድር ክርክር መልክ ብቻ እንዳይጻፍ ይጠንቀቁ፤ ለምን ሥራ፣ ወደ የት ሀገር፣ በምን ደመወዝ እንደሚልክ ነግሮ ገንዘቡን እንደተቀበለ በዝርዝር ይጻፍ። የሰፈር ሽማግሌ ገብቶ «ግማሹን ተቀበሉና ተዉት» ሲል ችግር ያለበት ቤተሰብ ይስማማል፤ አልወቅሳቸውም። የሚፈርሙት ወረቀት ግን ገንዘብ መቀበላቸውን ብቻ ይናገር እንጂ «አቤቱታዬን አንስቻለሁ» የሚል እንዳይጨመርበት፣ ያልገባቸው ቃል ካለ ከመፈረማቸው በፊት ለሚያነብላቸው ሰው ያሳዩ።

ስሙ የተጠቀሰው ኤጀንሲ ፈቃድ ያለው ከሆነና ሰውየውን በእርግጥ የላከው እሱ መሆኑ ከታወቀ፣ በዞኑ የሥራና ሥልጠና መምሪያ በኩል ለሚኒስቴሩ አቤቱታ ይቀርባል። ፈቃዱን የማገድና የመሰረዝ ሥልጣን ያለው ሰጪው ነው። አቤቱታው ላይ የፈቃዱ ቁጥር፣ የኤጀንሲው ሙሉ ስም፣ የከፈሉበት ቀንና መጠን፣ የተቀባዩም ስም ይግባ። የደረሰኙን ኮፒ አያይዘው ዋናውን ቤት ያስቀሩ፤ ቅጂዎ ላይም መዝገብ ቤቱ የተቀበለበትን ቁጥርና ቀን እንዲጽፍልዎ ያድርጉ።